ጓደኛ ብድር ሲጠይቅ ሳይኮራረፉና ሳይመክሩ እንዴት እምቢ ይባላል?

ጎንደር ሰፋ ብትልም ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ዕቁቡ ለማን እንደወጣ በዚያው ማታ ይሰማል። የመንግሥት ደሞዝ የሚገባበት ቀን ለማንም ምስጢር አይደለም። አብሮ ያደገ ጓደኛ ደግሞ ከዚህም በላይ ያውቃል፤ ቤት ለመሥራት ማሰባችሁን፣ ወንድማችሁ ከውጭ ብር መላኩን፣ ባለፈው ወር ለማን እንዳበደራችሁ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሸሽበት "አሁን እጄ ላይ የለም" የሚለው መልስ እዚህ ዕድሜው አጭር ነው። ውሸቱ የታወቀ ዕለት ጓደኛችሁ ከብሩ ይልቅ እንደ ሞኝ በመቆጠሩ ይቀየማል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ገንዘቡ ላላቸው፣ ጓደኛቸውንም ለሚወዱ፣ ማበደር ግን ለማይፈልጉ ሰዎች ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የባህል ልብስ የሚሸጥ ሰው ለመምህር ጓደኛው ይደውላል እንበል። ጥምቀት ሊደርስ ነው፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ባለሱቁ ቀሚስና ነጠላ ማስገባት ይፈልጋል። የሚጠይቀው 40,000 ብር ነው፤ ጥር 20 እመልሳለሁ ይላል። መምህሩ ባለፈው ሳምንት 60,000 ብር ዕቁብ ወጥቶለታል፣ ባለሱቁም ይህን ያውቃል። ገንዘቡ ግን ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያና ለሌሎች የቤት ጉዳዮች ታስቧል።

አንደኛ፦ መልሱን ከስልኩ በፊት ጨርሱት

መጀመሪያ ለራሳችሁ የምትመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ብር ባይመለስ ከዚህ ሰው ጋር እንደ ድሮው ቡና እጠጣለሁ? በጓደኛሞች መካከል ወረቀት መጻፍ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ብድሩ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ይቀራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል። 40,000 ብር በቃል ስትሰጡ በእጃችሁ የሚቀረው የጓደኛችሁ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል ቢዘገይ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ መልሱ "አላበድርም" ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው አነጋገሩ ነው።

ባለትዳር ከሆናችሁ በዚያው ማታ ከቤት ጋር ተነጋገሩ። ይህን የምንለው አንድ ሆናችሁ እንድትቆሙ እንጂ ነገ "ባለቤቴ አልፈቀደችም" እንድትሉ አይደለም። በሚስት ወይም በባል ማሳበብ እንደ ቀላል መውጫ ይታያል፤ ጉዳቱ ግን ከክልከላው ይብሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛችሁ በእናንተ ቤት አንድ ጠላት እንዳለው አድርጎ ያስባል። በዓል ሲመጣ ይቀራል፣ ልጅ ሲወለድ ደጃፍ ላይ ብቅ ብሎ ይመለሳል። እሷም ስትሰማ በእናንተ ታዝናለች።

የዚህ መመሪያ ወሰንም እዚሁ ይታወቅ። ጥያቄው የሆስፒታል፣ የመድኃኒት ወይም የቀብር ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉት። እዚያ ላይ የምትችሉትን ያህል፣ ትንሽም ቢሆን፣ ብድር ሳትሉ ስጡ።

ሁለተኛ፦ የት፣ መቼ፣ በምን

ጥያቄው በቴሌግራም ጽሑፍ ከመጣ መጀመሪያ ደውሉ። አካውንት ሰርቀው በጓደኛ ስም ብር የሚለምኑ አጭበርባሪዎች ብዙ ስለሆኑ ድምፁን መስማት አስፈላጊ ነው። እውነትም እሱ ከሆነ መልሱን በጽሑፍ አትስጡ፤ በጽሑፍ የተላከ እምቢታ ተመልሶ ይነበባል፣ ለሌላም ይታያል። መጠኑ ትንሽ ከሆነ በስልክ ይበቃል። እንደ ባለሱቁ ያለ ትልቅ ጥያቄ ሲሆን ግን ተገናኝቶ መመለስ ይሻላል።

ቦታው ሌላ የምታውቁት ሰው የማይቀመጥበት ይሁን። ፒያሳ ላይ ሁላችሁም የምትሰበሰቡበት ካፌ ለዚህ አይሆንም፤ አንዱ ወንበር ስቦ ይቀላቀልና ወሬው ከመሀል ይቀራል፣ ወይም ጓደኛችሁ በሰው ፊት ያፍራል። ቤታችሁም አይመችም። ቤት የመጣ እንግዳ ነውና ይጋበዛል፣ ቡና ይፈላለታል፤ ሦስተኛው ስኒ እስኪቀርብ ያልተነገረ ነገር ሁለታችሁንም ያስጨንቃል። ጥሩው በእግር እየሄዱ መነጋገር ነው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ዓይን ለዓይን አይፋጠጡም፤ ዝምታው አይከብድም። ወሬው ሲያልቅም ከየመንገዳችሁ መለያየት ትችላላችሁ።

መልሱ ከጥያቄው ቢበዛ አንድ ቀን ይዘግይ። ባለሱቁ ማክሰኞ ከጠየቀ መምህሩ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ይመልስ፤ ሲደወልለትም "ነገ 11 ሰዓት ላይ እንገናኝና እነግርሃለሁ" ብሎ ሰዓቱን ቆርጦ ይንገረው። "እስቲ ልየው"፣ "እንነጋገራለን"፣ "እግዜር ያውቃል" የሚሉት ለእናንተ ጨዋ እምቢታ ይመስላሉ። ብር የቸገረው ሰው ግን እንደ ግማሽ እሺታ ነው የሚሰማቸው። ባለሱቁ በዚያ ተስፋ ከሸማኔው ጋር ቀጠሮ ይይዛል። ከሳምንት በኋላ "አልሆነም" ሲባል ያጣው ብሩን ብቻ አይደለም፤ ሌላ መላ የሚፈልግበት ሳምንትም አልፏል። ጓደኝነት ከሚበላሽባቸው መንገዶች ይህ ዋነኛው ይመስለናል።

ሦስተኛ፦ አድምጡ፣ አትመርምሩ

ሲናገር አታቋርጡት። ገንዘብ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ዙሪያውን ዞሮ ነው ወደ ነገሩ የሚመጣው፤ ልጆቹን፣ ገበያውን፣ የዕቃ ዋጋ መወደዱን ያነሳል። ይጨርስ።

እምቢ ለማለት ቆርጣችሁ ከሆነ ግን ስለ ጉዳዩ ዝርዝር አትጠይቁ። "ስንት ቀሚስ ነው የምታስገባው? ትርፉ ስንት ይወጣዋል? ያለፈው ዓመት ዕቃ አለቀ?" ስትሉት ብሩን ለመስጠት እየመዘናችሁ ይመስለዋል፤ የሆዱን ዘርዝሮ ይነግራችኋል። ከዚያ እምቢ ስትሉት ተመርምሮ የወደቀ ያህል ይሰማዋል። "አይሆንልኝም" ያላችሁት ለብሩ ሆኖ ሳለ እሱ የሚሰማው "ሥራህን አይቼ አላመንኩበትም" የሚል ይሆናል።

አራተኛ፦ የምትናገሩት

መምህሩ እንዲህ ይበል፦

"ወንድሜ፣ ጥምቀት ሳይደርስ ዕቃ ማስገባት እንዳለብህ ገብቶኛል። ብር ማበደር ግን አይሆንልኝም። የዕቁቡ ብር ቦታ ቦታውን ይዟል። ቅር እንዳትሰኝብኝ።"

አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሥራ አለው። የመጀመሪያው የጠየቀውን መልሶ ይነግረዋል፤ መደመጡን ያውቃል። ሁለተኛው መልሱ ነው። "አሁን"፣ "ለጊዜው"፣ "ይህን ያህል" የሚሉ ቃላት አለመኖራቸውን ልብ በሉ። "ለጊዜው አይሆንልኝም" ካላችሁት በሚቀጥለው ወር ይመለሳል፣ መብቱም ነው። "ይህን ያህል አልችልም" ካላችሁት ደግሞ ዋጋ መቀነስ ይጀምራል።

ሦስተኛው ምክንያት ነው። ምክንያት አንድ፣ እውነት፣ ስለ እናንተም ይሁን። ዕቁቡን መጥቀሱ የሚጠቅመው ባለሱቁ ስለሚያውቀው ነው፤ ሳይነሳ ቢቀር በሁለቱ መሀል ይንጠለጠላል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን አይገባም። መምህሩ "ለቤት ኪራይ ነው" ቢል ባለሱቁ "ኪራዩ መቼ ነው የሚከፈለው?" ይላል። "የካቲት" ካለው "እኔ እኮ ጥር 20 እመልስልሃለሁ" የሚል ልክ የሆነ መልስ ይመጣል። ከዚያ መምህሩ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፣ ያም ይፈታል፤ በመጨረሻ የሚቀረው እውነተኛው ምክንያት፣ ማለትም ማበደር አለመፈለጉ፣ እንደ ክፋት ሆኖ ይወጣል። "ለጓደኛ ማበደር አቁሜያለሁ" የሚለውም ጥሩ ምክንያት ነው፤ እውነት ከሆነ ብቻ። ባለፈው ወር ለሌላ ሰው አበድራችሁ ከሆነ እንዳትሉት፤ ይሰማል።

ከአራተኛው በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ረጅም ይመስላል። ሰዎች ነገሩን የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታውን ለመሙላት "ለማንኛውም ወር መጨረሻ እናያለን" ይላሉ፣ ወይም መምከር ይጀምራሉ።

ሲያጠብቅ

አንድ ሁለት ጊዜ ማጥበቁ አይቀርም፤ ቸግሮት ነውና አትናደዱ። መልሱ ግን ቃሉ ሳይቀየር ይደገም፤ ቃሉ በተቀየረ ቁጥር በር የተከፈተ ይመስላል።

"እሺ 10 ሺውን እንኳ" ሲል፣ "ትንሽም ብዙም ማበደር አይሆንልኝም" በሉት። 40 ከልክሎ 10 መስጠት ለስላሳ መንገድ ይመስላል፤ ግን ብድሩም ይኖራል፣ ቅሬታውም ይኖራል።

"እኔን አታምነኝም ማለት ነው?" ሲል ስለ እምነት ክርክር አትግቡ። "አምንሃለሁ፣ ግን..." የሚል መልስ "ግን" ላይ ይሰበራል። "ስለ እምነት አይደለም፤ ብር ማበደር ነው ያልሆነልኝ" ማለት ይበቃል።

"ለእገሌ አበድረህ የለ?" ካለና እውነት ከሆነ፣ "አዎ፣ አበድሬያለሁ። ብር ማበደር ግን አይሆንልኝም" በሉ። እገሌ ይመልስ አይመልስ አትናገሩ። የእሱን መዘግየት ካወራችሁ ይኼኛው ደግሞ ነገ የእኔም ነገር እንዲሁ ይወራል ብሎ ይደመድማል።

"በሞቴ" ወይም "እኔ ልሙት" ካለ ከባዱ ይኼ ነው፤ እንደኛ ባለ አገር እንዲህ ተብሎ የተለመነ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ "በሞቴ አትበለኝ ወንድሜ፣ አይሆንልኝም" በሉት። አንዳንዱ ደግሞ በማግስቱ ታላቅ ሰው ይልካል። ተነስታችሁ ተቀበሉ፣ እስኪጨርሱ አድምጡ፣ ከዚያ "አባቴ፣ እንኳን መጡ። ለእሱ የነገርኩትን ነው ለርስዎም የምነግርዎ፤ ማበደር አይሆንልኝም" በሏቸው። ለጓደኛችሁ ያልነገራችሁትን ዝርዝር ለሽማግሌው አትንገሩ፤ ዞሮ ሲደርሰው ተደብቆብኛል ይላል።

ሁለት ጊዜ ከደገማችሁ በኋላ ወሬውን ቀይሩ። ስለ ልጁ፣ ስለ እናቱ ጤና፣ አብራችሁ ስለምታውቁት ነገር ጠይቁት፤ መልሱንም ከልብ ስሙ።

ምክሩ ከየት ይመጣል?

እምቢ ያለ ሰው ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል። ያ ስሜት እንዲቀልለት መከልከሉን ትክክል የሚያደርግ ነገር ይፈልጋል፤ በቅርብ የሚያገኘው ደግሞ የጠያቂውን ጥፋት ነው። "ባለፈው ዓመትስ ትርፉን የት አደረስከው?" የሚለው እንዲህ ይወለዳል። ስለዚህ ምክሩ ብዙውን ጊዜ ለጓደኛው ተብሎ አይነገርም፤ የተናጋሪውን ሕሊና ለማሳረፍ ይነገራል። ጓደኛውም ይህን ይረዳዋል፤ ምክሩ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

ምክር ሁልጊዜ "ልምከርህ" ብሎ አይመጣም። "ለምን ከባንክ አትሞክርም?" ጥያቄ ይመስላል፤ ባንኩ መያዣ እንደሚፈልግ ግን ባለሱቁ ከመምህሩ በላይ ያውቃል። "እኔ እንኳ በዚች ደሞዝ እየቆጠብኩ" ስለ ራስ የተነገረ ይመስላል፤ የሚሰማው ግን "አንተ አታውቅበትም" ተብሎ ነው። ተረትና ጥቅስ መጥቀስም እዚሁ ይገባል። ምርቃትም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከእምቢታው ቀጥሎ "እግዜር ይስጥህ" ማለት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ እጁን ለዘረጋ ሰው የምንለው ነውና ጓደኛን ዝቅ ያደርጋል።

ራሳችሁን የምትይዙበት አንድ መለኪያ አለ። "አይሆንልኝም" ካላችሁ በኋላ የምትናገሩት ስለ እሱ ገንዘብ፣ ሥራ ወይም ልማድ ከሆነ መምከር ጀምራችኋል። መሀል ላይም ቢሆን አቁሙ። "ይቅርታ፣ ይኼ የኔ ጉዳይ አይደለም" ብላችሁ ተዉት። ምክር ከጠየቃችሁም በዚያ ቀን አትስጡ፤ "በሌላ ቀን ተቀምጠን እናውራበት" በሉት። ብር በተከለከለ ሰዓት የሚሰጥ ምክር እንደ ምትክ ነው የሚታየው።

በምትኩ የምታቀርቡት ካለ

ምንም ማቅረብ ግዴታ አይደለም። የምታቀርቡት ካለ ግን ራሳችሁ የምትሠሩት ይሁን። "እንዲህ ብታደርግ" ማለት ያው ምክር ነው፤ "እኔ ይህን አደርግልሃለሁ" ማለት ግን እገዛ ነው። መምህሩ ጥምቀት ሰሞን ጊዜ አለው እንበል። "ከጥር 7 እስከ 9 ከሰዓት በኋላ መጥቼ ሱቁ ላይ አብሬህ እቆማለሁ" ሊለው ይችላል። በከተራ ዋዜማ ሱቅ ሲጨናነቅ ብር ተቀባይና ዕቃ አሳላፊ ትልቅ ነገር ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጡ፤ "ከቻልኩ ብቅ እላለሁ" አይቆጠርም።

ወይም መምህሩ ዕቃ በዱቤ የሚሰጥ ሸማኔ ያውቃል። ማገናኘት ይችላል፤ እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሸማኔው "አንተ አለህለት?" ብሎ ይጠይቃል፤ መምህሩ "አለሁለት" ካለ በሌላ በር አበደረ ማለት ነው። በሕጉ ዋስትና በግልጽ መደረግ አለበት፣ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጠቀሰበት የዋስትና ውልም አይጸናም። በገበያ ግን ማንም ይህን አይጠይቅም፤ ቃል የሰጠ ሰው ይጠየቃል፣ ሱቁ ቢዘጋ ሸማኔው ወደ መምህሩ ቤት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለሁለቱም በአንድ ቦታ፣ ፊት ለፊት ይነገር፦ "አስተዋውቃችኋለሁ፤ ሒሳቡ በሁለታችሁ መካከል ነው፣ እኔ ዋስ አይደለሁም።" ይህን መናገር ከከበዳችሁ አታገናኙ። ለዕቁብ ዋስ ሁነኝ ሲባልም መልሱ ያው ነው፤ ዕጣው አስቀድሞ የወጣለት ሰው መክፈል ሲያቆም ዳኛው የሚይዘው ዋሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት

ጓደኝነቱ የሚተርፈው ወይም የሚሞተው እዚህ ነው። የከለከለ ሰው ያፍራል፣ የተከለከለም ያፍራል፤ ሁለቱም እየተሸሸጉ አንዱ ሌላውን "ተቀየመኝ" ይለዋል። መጀመሪያ መደወል ያለበት የከለከለው ነው። በሦስት ቀን ውስጥ፣ ብር በማይነሳበት ጉዳይ ደውሉ። "ባለፈው እንደዚያ ስልህ..." ብላችሁ አትመለሱበት፤ በየጊዜው ይቅርታ መጠየቅ ቁስሉን መነካካት ነው። እንደ ልማዳችሁም ሁኑ። ቡና በየተራ የምትከፍሉ ከሆናችሁ በየተራ ይቀጥል፤ ሁሌ ልክፈል ማለት እንደ ካሣ ይታያል።

ነገሩን ለሦስተኛ ሰው አትንገሩ፤ አብራችሁ ላላችሁበት ማኅበር አባልም ቢሆን። "እገሌ ብር ጠይቆኝ ነበር" የሚል አንድ ቃል ስለ ነጋዴ ከተወራ አይመለስም፤ ዱቤ የሚሰጡት ሁሉ ያመነታሉ። ጓደኛችሁ እምቢታውን ይረሳ ይሆናል፤ ይህን ግን አይረሳም።

ስልክ ካላነሳ ጥቂት ቀን ታገሱና ወደ ሱቁ ሂዱ። በገበያተኛ ፊት "ተቀየምከኝ እንዴ?" አትበሉት። ሰላም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ደንበኛ ከመጣ ዕቃ አቀብሉ። ለበዓል ልብስ መግዛታችሁ ካልቀረ ከእሱ ግዙ፤ ከሌላው ጊዜ በላይ አትከራከሩ፣ ከዋጋው በላይም አትክፈሉ። ገና ላይ "እንኳን አደረሰህ" ለማለት ቀድማችሁ ደውሉ። ጥር 7 እመጣለሁ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ በሰዓታችሁ ተገኙ፤ ብር ከልክሎ በጉልበቱም የቀረ ሰው ምንም አይተርፈውም።

ከወራት በኋላ ሌላ ጊዜ ቢጠይቃችሁ ያንኑ መልስ በዚያው ለዛ ስጡ፤ "አሁንም?" የሚል ፊት አታሳዩት። ከዚህ በፊት የወሰደው ያልተመለሰ 3,000 ብር ቢኖር እንኳ በእምቢታው ቀን አታንሱት። ያ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ለብቻው፣ "ያቺን 3,000 ብር እስከ ወሩ መጨረሻ ብታደርስልኝ" ተብሎ ይጠየቃል።